ስድስት ገጽ ለሁለት ሰነድ፦ የአንድ ማጠቃለያ ሂሳዊ ዳሰሳ

አሶሳ ከተማ ውስጥ በእምነበረድ ሥራ የተሰማራ አንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አራት አባላት አሉት። አንድ የሕግ ባለሙያ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብና አባላቱ ኋላ የተፈራረሙትን የባለድርሻዎች ስምምነት በ6 ገጽ ጨምቆ አቅርቦላቸዋል። ዓላማው ሦስት ነገር ማሳየት ነው፦ ማን ስንት ድምፅ እንዳለው፣ ድርሻ እንዴት እንደሚተላለፍና አባል እንዴት እንደሚወጣ። ማኅበሩንም ጸሐፊውንም በስም አልጠቅስም፤ ማንነታቸው እንዳይታወቅም ቁጥሮቹን ቀይሬያለሁ።

የሥራው ትልቁ ብርታት አወቃቀሩ ነው። ጸሐፊው የአንቀጾቹን ቅደም ተከተል ትቶ በአባላቱ ጥያቄ ሄዷል። «ልሸጥ ብል ማንን አስፈቅዳለሁ?» የሚለው ንዑስ ርእስ በደንቡ ውስጥ በሦስት ቦታ የተበተነውን ሐሳብ አንድ ላይ ሰብስቦታል። ቋንቋውም የሚመሰገን ነው። ከአባላቱ አንዱ ሰነዱ በበርታኛ እየተተረጎመላቸው የሚያዳምጡ አዛውንት ናቸው። ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ስለሆኑ አስተርጓሚው መሐል ላይ ሳይቆም ይዘልቃቸዋል። እንዲህ ያለ ጥራት ከሕግ ጽሑፍ በቀላሉ አይገኝም።

ድክመቱ የሚጀምረው ገጽ 3 ላይ ነው። «ድርሻ ለውጭ ሰው ለማስተላለፍ የብዙኃኑ አባላት ፈቃድ ያስፈልጋል» ይላል። ደንቡ ግን የ1952ቱን የንግድ ሕግ አንቀጽ 523 ተከትሎ የጻፈው ሁለት መስፈርት ነው፦ የአባላቱ አብላጫ ቁጥር፣ ደግሞም ቢያንስ የዋና ገንዘቡ ሦስት አራተኛ። የአራቱ ድርሻ 40፣ 30፣ 20 እና 10 በመቶ ነው እንበል። የ30 በመቶው ባለድርሻ እምቢ ቢል፣ ሌሎቹ ሦስቱ ተስማምተው እንኳ 70 በመቶ ብቻ ይሆናሉ፤ በቁጥር አብላጫ ቢሆኑም ከ75 አይደርሱም። ስለዚህ እኚህ ሰው ብቻቸውን ዝውውሩን ማገድ ይችላሉ። የ20 በመቶው ባለድርሻ ግን ብቻቸውን አያግዱም፤ የሚያግዱት ከ10 በመቶው ጋር ሲተባበሩ ነው። «ብዙኃኑ» የምትለው አንዲት ቃል ይህን ሁሉ የኃይል ሚዛን ሸፍናዋለች።

ሁለተኛውና ከባዱ ጉድለት ሁለቱ ሰነዶች ሲጋጩ ጸሐፊው ዝም ማለቱ ነው። ስምምነቱ ለውጭ ሰው ለመሸጥ የሁሉንም አባላት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ደንቡ በሦስት አራተኛ ይረካል። ማጠቃለያው ጥብቁን ብቻ ወስዶ «ሁሉም መስማማት አለባቸው» ሲል ገጽ 5 ላይ ይደመድማል። ይህም ከራሱ ገጽ 3 ጋር ይቃረናል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1952 መሠረት ውል በመርሕ ደረጃ የሚያስረው ተዋዋዮቹን ነው። ያልፈረመ አዲስ ገዢ ስምምነቱ አይመለከተኝም ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ስምምነቱን ጥሶ የሸጠው አባል ደግሞ የውል ተጠያቂነት ይጠብቀዋል። አባሉ ማወቅ ያለበት ገደብ መኖሩን ብቻ አይደለም፤ ገደቡ ከየትኛው ሰነድ እንደመጣና ሲጣስ ምን እንደሚከተልም ነው። ከእያንዳንዱ መብት ጎን «ከደንቡ» ወይም «ከስምምነቱ» የሚል ምልክት ቢደረግ ይህ ጉድለት በእጅጉ ይቃለል ነበር።

የመውጫው ክፍል ዕቅዱ ጥሩ ነው፤ ዋጋው ላይ ግን ይላላል። «የሚወጣ አባል የድርሻው ዋጋ ይከፈለዋል» ይላል። የትኛው ዋጋ? ዋና ገንዘቡ 2,000,000 ብር ከሆነ የ10 በመቶው ድርሻ በደንቡ ላይ የተጻፈው ዋጋ 200,000 ብር ነው። ስምምነቱ ግን ዋጋው በኦዲተር ከተረጋገጠው የተጣራ ሀብት እንዲሰላ ያዛል። ዕዳው ተቀንሶ የማኅበሩ ሀብት 5,000,000 ብር ቢሆን ያው ድርሻ 500,000 ብር ያወጣል። የ300,000 ብር ልዩነት በአንድ ቃል ውስጥ ተደብቋል። የክፍያው ቀነ ገደብም አልተነሣም።

አንድ ነገር ልጨምር። ደንቡ በ1952ቱ ሕግ ዘመን የተጻፈ ነው፤ የማኅበራቱ ክፍል ግን በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክቷል። ማጠቃለያው የትኛው የደንቡ አንቀጽ ከአዲሱ ሕግ ጋር መመሳከር እንዳለበት አያመለክትም።

ፍርዴ ይህ ነው፦ ሥራው ለአንባቢው ክብር ያለው፣ በቅርጹና በቋንቋው ሌሎች ሊከተሉት የሚገባ ነው። ነገር ግን ገጽ 3 እና 5 ሳይታረሙ ለድምፅ መስጫም ሆነ ለድርሻ ሽያጭ መመሪያ ሊሆን አይገባውም። አራቱ አባላት ይህን ማጠቃለያ መግቢያ አድርገው ያንብቡት፤ ድምፅ ከመስጠታቸው ወይም የሽያጭ ውል ከመፈረማቸው በፊት ግን ሁለቱን ዋና ሰነዶች ጎን ለጎን ዘርግተው ቁጥሩን ራሳቸው ይደምሩ።