«ፖዘቲቭ» ቁጥር አይደለም፦ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲንና ፕሮካልሲቶኒን በሳል ሕክምና ውስጥ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጎፋና ከመካኒሳ እስከ ለቡና ጀሞ ባለው አካባቢ፣ ሳልና ትኩሳት ይዟቸው ወደ ክሊኒክ የሚመጡ ሕሙማን በእጃቸው ይዘዋቸው የሚመለሱትን የላቦራቶሪ ወረቀቶች የሚመለከት ሐኪም አንድ ቃል ደጋግሞ ያገኛል። ቃሉ «ሲ.አር.ፒ.፦ ፖዘቲቭ» የሚል ነው። ከዚህ ወረቀት ጋር ተያይዞ የሚገኘው የመድኃኒት ማዘዣም ብዙውን ጊዜ አሞክሲሲሊን-ክላቩላኔት፣ አዚትሮማይሲን ወይም የሴፍትሪአክሶን መርፌ ነው።

ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን የፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒትን አላስፈላጊ አጠቃቀም ለመቀነስ እንደሚረዳ በጥናት የተደገፈ ምርመራ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም የተጠናውና በእኛ ላቦራቶሪዎች በብዛት የሚሠራው በስም እንጂ በግብር አንድ አይደሉም። በጥናቶቹ ውስጥ ለሐኪሙ የሚደርሰው ቁጥር ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ የሚደርሰው «ፖዘቲቭ» ወይም «ኔጋቲቭ» የሚል ቃል ነው። ልዩነቱ ቀላል ቢመስልም የምርመራውን ጥቅም ሙሉ በሙሉ ይገለብጠዋል። መድኃኒትን ለመከልከል የተፈጠረ መሣሪያ፣ መድኃኒትን ለመፍቀድ የሚያገለግል ማኅተም ይሆናል።

ጥናቶቹ ምን አሳዩ?

ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን በሰውነት ውስጥ ብግነት ሲከሰት ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። ሕመሙ ከጀመረ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መጨመር ይጀምራል፤ በሁለት ቀን ገደማም ከፍተኛ መጠኑ ላይ ይደርሳል። ባክቴሪያን በቀጥታ አይለካም፤ የሚለካው ሰውነት ለጉዳቱ የሰጠውን ምላሽ ነው። ስለዚህ በተራ የቫይረስ ጉንፋንም በመጠኑ ይጨምራል፤ በኢንፍሉዌንዛና በኮቪድ-19 ደግሞ ከፍ ሊል ይችላል።

ምርመራው ትርጉም የሚያገኘው በመጠኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የእንግሊዝ ብሔራዊ መመሪያ በአካል ምርመራ ብቻ የሳንባ ምች መኖር አለመኖሩ ላልተለየ አዋቂ ሕመምተኛ ሁለት ወሰኖችን አስቀምጦ ነበር። ውጤቱ በሊትር ከ20 ሚሊግራም በታች ከሆነ ፀረ-ባክቴሪያ አይሰጥም፤ ከ100 በላይ ከሆነ ይሰጣል፤ በመካከሉ ላለው ደግሞ ሕመሙ ከባሰ ብቻ የሚወሰድ ማዘዣ ይታሰባል።

በኔዘርላንድ አጠቃላይ ሐኪሞች ዘንድ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናት ምርመራውን በተጠቀሙት ሐኪሞች ዘንድ ፀረ-ባክቴሪያ የታዘዘላቸው ሕሙማን 31 በመቶ፣ ባልተጠቀሙት ዘንድ ደግሞ 53 በመቶ እንደነበሩ አሳይቷል። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው በቬትናም የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ተቋማት ከ2,000 በሚበልጡ ሕሙማን ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ነው። በዚያም በ14 ቀን ውስጥ ፀረ-ባክቴሪያ የወሰዱት ከ78 ወደ 64 በመቶ ዝቅ ብለዋል። በሁለቱም ጥናቶች ሕሙማኑ ለማገገም የወሰደባቸው ጊዜ አልተራዘመም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ምርመራው ያስገኘው ጥቅም የሳንባ ምችን በማግኘት ሳይሆን፣ ዝቅተኛ ቁጥር የታየባቸውን ቀላል ሕሙማን ያለ መድኃኒት በመሸኘት ነው።

በስላይድ ላይ የሚታየው

በብዙ ክሊኒኮች የሚሠራው የላቴክስ ምርመራ እንደሚከተለው ነው። አንድ ጠብታ ሴረም በስላይድ ላይ ከአንድ ጠብታ የላቴክስ ሪኤጀንት ጋር ይቀላቀላል፤ ለሁለት ደቂቃ እየተወዛወዘ ይቆይና እህል መሰል ጓል መፈጠሩ ይታያል። ብዙዎቹ ኪቶች ጓል የሚያሳዩት መጠኑ በሊትር 6 ሚሊግራም ገደማ ሲደርስ ነው። እንግዲህ «ፖዘቲቭ» ማለት «6 ወይም ከዚያ በላይ» ማለት ብቻ ነው። 8 የሆነውም፣ 80 የሆነውም፣ 280 የሆነውም በአንድ ቃል ይጠራሉ። መድኃኒት እንዲከለከል የሚያዘው ወሰን 20 ሆኖ ሳለ፣ ከ6 ጀምሮ የሚጮኽ ምርመራ ትኩሳት ያለበትን ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል «ፖዘቲቭ» ያደርገዋል።

ከዚህ የባሰ ሌላ ስሕተት አለ። የፕሮቲኑ መጠን እጅግ ከፍተኛ በሚሆንበት ጊዜ በሪኤጀንቱ ላይ ያሉት ፀረ-አካላት በብዛት ስለሚሸፈኑ የላቴክስ ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ሳይያያዙ ይቀራሉ። ፕሮዞን በመባል በሚታወቀው በዚህ ክስተት ምክንያት በጠና የታመመ ሰው ያልቀጠነ ሴረም «ኔጋቲቭ» ሊባል ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ስላይዱ ከሁለት ደቂቃ በላይ ቆይቶ ጠርዙ ሲደርቅ የሌለ ጓል ያለ ይመስላል።

መፍትሔው በኪቱ መመሪያ ውስጥ የተጻፈ ነው፤ ሴረሙን በኖርማል ሳላይን ማቅጠን። ጓል የታየበት የመጨረሻው ቅጥነት በ6 ሲባዛ ግምታዊ መጠኑን ይሰጣል። ለክሊኒክ ውሳኔ ሁሉንም ደረጃ መሥራት አያስፈልግም፤ 1:4 እና 1:16 ይበቃሉ። በ1:4 ጓል ካልታየ መጠኑ ከ24 በታች ነው፤ በ1:16 ከታየ ደግሞ 96 ወይም ከዚያ በላይ ነው። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ለ20 እና ለ100 የቀረቡ ናቸው። ሴረሙ ስለሚቀጥንም የፕሮዞን አደጋ ይቀንሳል። ይህ አሠራር በአንድ የቅጥነት ደረጃ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊስት እንደሚችል ግን መታወቅ አለበት።

አንድ ቃል፣ ሦስት ሕሙማን

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ በአንድ ቀን ወደ አንድ ክሊኒክ የመጡ ሦስት ሰዎችን በምሳሌነት እንውሰድ። ሦስቱም «ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ይዘዋል እንበል።

የመጀመሪያዋ የ28 ዓመት ሴት ናት። ከአራት ቀን ወዲህ ደረቅ ሳል፣ የአፍንጫ ፈሳሽና የጉሮሮ ሕመም አላት። ሙቀቷ 37.9፣ ትንፋሿ በደቂቃ 18 ነው፤ ሳንባዋም ንጹሕ ነው። በ1:4 ጓል አልታየም። ፀረ-ባክቴሪያ አያስፈልጋትም። ትኩሳቱ ከሦስት ቀን በላይ ከቆየ ወይም ትንፋሽ ካጠራት እንድትመለስ ተነግሯት ትሸኛለች።

ሁለተኛው የ56 ዓመት ሰው ናቸው። ከሦስት ቀን በፊት በብርድ ብርድ ማለትና በቀኝ ጎን ውጋት ጀመራቸው። ሙቀታቸው 39፣ ትንፋሻቸው በደቂቃ 28 ነው፤ በቀኝ ሳንባቸው ሥር የመንጫጫት ድምፅ ይሰማል። በ1:16 ጓል ታይቷል። ነገር ግን ለእኚህ ሰው መድኃኒት ለመጀመር ምርመራው አስፈላጊ አልነበረም፤ ወረቀቱ «ኔጋቲቭ» ቢልም እንኳ ሕክምናቸው ሊዘገይ አይገባም ነበር።

ሦስተኛው የ35 ዓመት የግንባታ ሠራተኛ ነው። ሦስት ሳምንት ያሳለዋል፤ ሌሊት ያልበዋል፤ ሱሪው ሰፍቶታል። በ1:4 ጓል ታይቷል፤ በ1:16 ግን አልታየም። መጠኑ ከ24 እስከ 96 ባለው ውስጥ ስለሆነ፣ ከላይ የጠቀስነው የእንግሊዝ መመሪያ «ጠብቆ የሚወሰድ ማዘዣ» ይለዋል። በአገራችን ግን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለው ሰው የሳንባ ነቀርሳ ተጠርጣሪ ስለሆነ ትክክለኛው ትእዛዝ የአክታ ጂንኤክስፐርት ነው። እንዲያውም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከኤች.አይ.ቪ. ጋር ለሚኖሩ ሰዎች በሊትር ከ5 ሚሊግራም በላይ የሆነ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲንን ለነቀርሳ መለያነት እንዲያገለግል መክሯል። አንዱ ቁጥር በአንድ አገር «አንቲባዮቲክ ስጥ» ሲል፣ በሌላ አገር «አክታ መርምር» ይላል። ለዚህ ሰው ሌቮፍሎክሳሲን ቢታዘዝለት ለጊዜው ሊሻለው ይችላል፤ ምክንያቱም መድኃኒቱ የነቀርሳን ተሕዋስ ያዳክማል። የበሽታው መታወቅ ግን ይዘገያል።

ፕሮካልሲቶኒን ያድነን ይሆን?

አንዳንድ ባልደረቦች ችግሩ ፕሮካልሲቶኒን በማስመጣት እንደሚፈታ ያምናሉ። ይህ ፕሮቲን በባክቴሪያ ኢንፌክሽን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጨምራል፤ ኢንፌክሽኑ ሲገታ ደግሞ በየቀኑ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ጥንካሬው ከመጀመር ይልቅ በማቆም ላይ ነው። በስዊዘርላንድ ስድስት ሆስፒታሎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናት በሚሊሊትር ከ0.25 ናኖግራም በታች ሲሆን መድኃኒት እንዳይጀመር ወይም እንዲቆም ይመክር ነበር። በአማካይ የመድኃኒቱ ጊዜ ከ8.7 ወደ 5.7 ቀን ወርዷል።

ይሁን እንጂ በአሜሪካ 14 ሆስፒታሎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት ልዩነት አላገኘም፤ በአንዱ ወገን 4.2፣ በሌላው 4.3 ቀን ነበር። አንዱ ምክንያት ግልጽ ይመስለኛል። በስዊዘርላንድ ቁጠባው የተገኘው መነሻው ረጅም ስለነበረ ነው፤ መነሻው ካጠረ የሚቆጠብ ቀን አይተርፍም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአሜሪካ መመሪያም በምርመራና በራጅ የተረጋገጠ የሳንባ ምች ፕሮካልሲቶኒን ምንም ይሁን ምን መታከም እንዳለበት፣ ከአምስት ቀን ባላነሰ ሕክምና በኋላም ሕመምተኛው ከተረጋጋ መድኃኒቱ እንዲቆም መክሮ ነበር።

ትኩሳትን፣ የልብ ምትን፣ የትንፋሽ ቁጥርን፣ የደም ግፊትንና የኦክስጅን መጠንን በየቀኑ መመዝገብ ደግሞ ሪኤጀንት አይጠይቅም። በእኛ ዘንድ ደግሞ ተጨማሪ እንቅፋት አለ፤ በሳንባ ነቀርሳ ፕሮካልሲቶኒን ብዙውን ጊዜ ዝቅተኛ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የግንባታ ሠራተኛ ቢመረመር 0.1 ሊገኝበትና «ቫይረስ ነው» ተብሎ ሊሸኝ ይችላል። ወባ በተቃራኒው ሁለቱንም ምርመራዎች ከፍ ያደርጋል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ወባ ባይተላለፍም፣ ከቆላ ለተመለሰ ትኩሳተኛ የደም ፊልም መቅደም አለበት።

ሊቀርብ የሚችል ተቃውሞ

ማቅጠን ሪኤጀንትና ጊዜ ይጨምራል የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል። እውነት ነው፤ አንዱ ጠብታ ሁለት ይሆናል። ነገር ግን ምርመራው ከላይ ለታየችው ለመጀመሪያዋ ዓይነት ሕመምተኛ፣ ማለትም ሐኪሙ መድኃኒት ልስጥ አልስጥ ብሎ ለሚያመነታበት ሰው ብቻ ቢታዘዝ የምርመራው ብዛት ስለሚቀንስ ወጪው ይካካሳል። የሳንባ ምች በግልጽ ለሚታይበት አያስፈልግም፤ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ላሳለው ደግሞ መልሱ ሌላ ምርመራ ነው።

ከላቦራቶሪ ባለሙያዎቻችን የሚጠበቀው በወረቀቱ ላይ «ፖዘቲቭ» በሚለው ፈንታ «ከ24 በታች»፣ «ከ24 እስከ 96» ወይም «96ና ከዚያ በላይ» ብሎ መጻፍ ነው። ከሐኪሙ የሚጠበቀው ደግሞ ቁጥር የሌለበትን ወረቀት ለፀረ-ባክቴሪያ ማዘዣ ምክንያት አድርጎ አለመቀበል ነው።