ከመቶ ሁለት እጅ ብርሃን

ፐልስ ኦክሲሜትርን ጣት ላይ ከማድረግ በፊት ከፈት አድርጎ ውስጧን ማየት ይገባል። በአንደኛው መንጋጋዋ ትንሽ መስኮት አለች፤ ከመስኮቷ ጀርባ ሁለት ደቃቅ አምፖሎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው 660 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ቀይ ብርሃን ያወጣል፤ ይህን በዓይናችን እናየዋለን። ሁለተኛው 940 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ኢንፍራሬድ ነው፤ እሱን ዓይናችን አያየውም፤ የብዙ ስልኮች ካሜራ ግን ሐምራዊ ብልጭታ አድርጎ ያሳያል። ከመስኮቷ ፊት ለፊት ባለው መንጋጋ ደግሞ አንድ ብርሃን ተቀባይ ብቻ አለ።

ይህ ተቀባይ ቀለም አይለይም፤ የሚያውቀው የደረሰውን ብርሃን መጠን ብቻ ነው። ስለዚህ ሠሪዎቹ ቀለሙን በጊዜ ለዩት። መጀመሪያ ቀዩ ይበራል፣ ቀጥሎ ኢንፍራሬዱ፣ ከዚያ ሁለቱም ይጠፋሉ። ሁለቱም በጠፉባት ቅጽበት ተቀባዩ የሚያየው ከክፍሉ መብራት ወይም ከክፍሉ መስኮት ሾልኮ የገባውን ብርሃን ነው፤ መሣሪያዋ ያንን ለክታ ከሌሎቹ ሁለት ንባቦች ላይ ትቀንሰዋለች። ይህ ዙር በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ ይደጋገማል፤ ለእኛ ግን ያለማቋረጥ የበራ ቀይ መብራት ይመስለናል። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወዳት ያችን የጨለማ ቅጽበት ነው።

ሁለት ቀለም ያስፈለገው በሄሞግሎቢን ምክንያት ነው። ኦክስጅን የተሸከመ ሄሞግሎቢን ቀዩን ብርሃን በብዛት ያሳልፋል፣ ኢንፍራሬዱን በመጠኑ ይውጣል። ኦክስጅኑን ያራገፈው በተቃራኒው ቀዩን አብዝቶ ይውጣል። ስለዚህ በሁለቱ ቀለሞች መካከል ያለው ልዩነት ከመቶ ሄሞግሎቢን ስንቱ ኦክስጅን እንደያዘ ይናገራል። ችግሩ ጣት ውስጥ ያለው ደም ብቻ አለመሆኑ ነው። ጥፍር፣ ቆዳ፣ አጥንትና ሥጋ አለ፤ ኦክስጅኑን ሰጥቶ የሚመለሰው የደም መልስ ደምም አለ። ሁሉም ብርሃን ይውጣሉ፤ መጠናቸውም ከሰው ሰው ይለያያል። የቀድሞዎቹ መሣሪያዎች ይህን ለማለፍ ጆሮን እያሞቁና ደሙ እስኪሸሽ እየጨመቁ ይለኩ ነበር።

መውጫውን ያገኘው ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ ነው፤ በኒሆን ኮደን ኩባንያ ሲሠራ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ይሠራበት የነበረው ጉዳይ ሌላ ነበር፦ ደም ውስጥ ቀለም ተወግቶ በጆሮ በኩል ሲያልፍ በብርሃን እየተከታተሉ ልብ የምትረጨውን የደም መጠን ማወቅ። የልብ ምት ግን የሚስለውን መስመር እያንቀጠቀጠ አስቸገረው። ንቅጥቃጤውን በሁለተኛ ቀለም ብርሃን ሊያጠፋው ሲሞክር፣ የደሙ ኦክስጅን በተለወጠ ቁጥር ማጥፋቱ እንደማይሳካ አስተዋለ። ያን ጊዜ የሚያውከው ነገር ራሱ የሚፈለገው ነገር እንደሆነ ገባው። ጣት ወይም ጆሮ ውስጥ ከልብ ጋር እየመታ የሚጨምርና የሚቀንሰው የደም ቅዳ ደም ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ባለበት ይቆማል። አዮያጊ ሐሳቡን በ1974 ለሙያ ባልደረቦቹ አቀረበ።

ከሚደርሰው ብርሃን ውስጥ ከምቱ ጋር የሚወዛወዘው አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ብቻ ነው። መሣሪያዋ ቀሪውን እንደ መለኪያ መሠረት ይዛ በዚህች ቁራሽ ላይ ትሠራለች። ከቀዩ ብርሃን 1000 ደርሶ 10 የሚሆነው ቢወዛወዝ 1 በመቶ ነው። ከኢንፍራሬዱ 2000 ደርሶ 40 የሚሆነው ቢወዛወዝ 2 በመቶ ነው። አንዱን ለሁለት ስናካፍል 0.5 እናገኛለን። ወደ ሳቹሬሽን የሚቀይረው ግምታዊ ቀመር ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጻፋል፦

110 − 25 × R

R ማለት ያ 0.5 ነው፤ ውጤቱ 97.5 ይሆናል። ጣቱ ወፍራም ሆኖ የሚደርሰው ቀይ ብርሃን በግማሽ ቢቀንስ የሚወዛወዘውም አብሮ በግማሽ ይቀንሳል፤ 1 በመቶው እዚያው ይቀራል። ውበቱ እዚህ ላይ ነው።

እንከኑም ከዚሁ ይወለዳል። በሽተኛው ቢንቀጠቀጥ ወይም እጁ በብርድ ደንዝዞ ምቱ ቢደክም፣ ከደም ቅዳው ይልቅ የእንቅስቃሴው ሁከት ይበረታል። ሁከቱ ሁለቱንም ቀለም እኩል ሲያወዛውዝ R ወደ 1 ይጠጋል፤ 110 ሲቀነስ 25 ደግሞ 85 ነው። አንዳንድ መድኃኒትና ኬሚካል ሄሞግሎቢንን ወደ ሜትሄሞግሎቢን ሲለውጠውም ሁለቱም ብርሃኖች በተቀራራቢ መጠን ስለሚዋጡ ንባቡ ወደዚያው ወደ 85 ይሳባል። ስለዚህ 85 ላይ ተተክሎ የቀረ ቁጥር ጥርጣሬ ይገባዋል። መጀመሪያ የሚታየው ስክሪኑ ላይ ያለው የምቱ ማዕበል ነው፦ እኩል እኩል እየወጣ የሚወርድ ነው ወይስ የተቆራረጠ? ቀጥሎ መሣሪያዋ የምታሳየው የልብ ምት አንጓ ላይ በጣት ከተቆጠረው ጋር ይስማማል? ካልተስማማ ሳቹሬሽኑንም ማመን አይቻልም። እጁን አሙቆ፣ የጥፍር ቀለሙን አስለቅቆ፣ ሌላ ጣት መሞከር ነው።

የከሰል ጭስ የሚያመጣው ስህተት ግን ማዕበሉ ሳይዛባ ይመጣል። በር ተዘግቶ ከሰል ሲነድ ባደረበት ክፍል ውስጥ የተገኘ ሰው እናስብ። ከመቶ ሄሞግሎቢኑ 70ው ኦክስጅን፣ 28ቱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይዟል፤ 2ቱ ባዶ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘው ሄሞግሎቢን ቀዩን ብርሃን የሚያሳልፈው ኦክስጅን እንደያዘው ሆኖ ነው። ሁለት ቀለም ብቻ ያላት መሣሪያ ልትለያቸው አትችልም፤ ስለዚህ 95 ወይም ከዚያ በላይ ታሳያለች። ማዕበሉ ያማረ ነው፣ ምቱም ልክ ነው፤ ሰውዬው ግን ራሱን እያመመው ያስመልሰዋል፣ ይደነዝዛል። እዚህ ላይ ቁጥሩን ትቶ ከሰሉን መጠየቅ፣ ኦክስጅን መስጠት፣ ከተቻለም ደሙን ብዙ ቀለም ባለው ኮኦክሲሜትር ማስመርመር ያስፈልጋል።

ወደ ቀመሩ እንመለስ። 110ንና 25ን የሰጠን የፊዚክስ ሕግ ብቻ አይደለም። ፋብሪካዎች ጤነኛ ፈቃደኞችን ኦክስጅኑ እየቀነሰ የሚሄድ አየር አስተንፍሰው፣ ሳቹሬሽናቸው እስከ 70 ሲወርድ ከደም ቅዳ በተቀዳ ደም እያመሳከሩ የራሳቸውን ሠንጠረዥ ያወጣሉ። ከ70 በታች የምናነበው ቁጥር ግምት ነው። ሠንጠረዡ በማን ጣት እንደተሠራም ለውጥ ያመጣል። የቆዳ ማቅለሚያው ሜላኒን ቀዩን ከኢንፍራሬዱ ይልቅ ስለሚውጠው የቀዩ ምልክት ይደክማል፤ የአምፖሉም ብርሃን ጥርት ያለ አንድ ቀለም ስላልሆነ ሒሳቡ እኔ እንደጻፍኩት ሙሉ በሙሉ አይጣጣፋም። በ2020 መጨረሻ በአሜሪካ የወጣ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት፣ መሣሪያዋ ከ92 እስከ 96 ካሳየቻቸው ጥቁር በሽተኞች 11.7 በመቶው በደም ምርመራ ከ88 በታች ሆነው ሲገኙ፣ ከነጮቹ እንዲህ የሆኑት 3.6 በመቶ እንደነበሩ አሳየ። ጠቆር ያለ ቆዳ ላለው በሽተኛ 93 ሲነበብ ትንፋሹ ከፈጠነና ከደከመው፣ ከቁጥሩ ይልቅ ደረቱን ማመን፣ ሲቻልም የደም ቅዳ ደም መላክ ተገቢ ነው።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት የ2013 መመሪያ ለፋብሪካዎቹ የፈቃደኞች ፍተሻ ቢያንስ 10 ሰው፣ ከእነሱም ቢያንስ ሁለት ጠቆር ያሉ ብቻ ይበቃሉ ይል ነበር። በጥር 2025 ያወጣው ረቂቅ ግን 150 ወይም ከዚያ በላይ ተሳታፊዎችን፣ የቆዳ ቀለማቸውም ተለክቶ እንዲመዘገብ ይጠይቃል።