ተበዳይን የማያጣድፉ የእርቅ አባባሎች

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ከተባለ በኋላ በእርቅ ጉባኤ ላይ መልስ የሚሰጥ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። አባባሉ 6 ቃል ብቻ ነው። «ይዞ» ሁለቴ መጥቶ ሁለቱን ጎን እኩል ያቆማቸዋል፤ «ጸሎት» እና «ስርቆት» ቤት ይመታሉ። በጨለማ የገባውን ሌባ ሳሉ እንደሚያጋልጠው ሁሉ የሚጸልየውንም ሰው ቂሙ ያጋልጠዋል። አንድ ቃል ቢወጣለት ይፈርሳል፣ አንድ ቢጨመርበት ይንዛዛል። በአሠራሩ እንከን አይወጣለትም።

ችግሩ የሚታየው ለማን እንደሚባል ሲጤን ነው። ሽማግሌው ይህን ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚዞረው ወደ ተበዳዩ ነው። በዳዩማ ምን ተደርጎበት ቂም ይይዛል? ስለዚህ የአባባሉ ክብደት በሙሉ በተጎዳው ሰው ላይ ያርፋል፤ ያውም ከሌባ ጋር ተመሳስሎ። የደረሰበትን ገና ተናግሮ ያልጨረሰ ሰው ጸሎትህ ከንቱ ነው ሲባል ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «እሺ፣ እናንተ ካላችሁ» ይላል። ሽማግሌዎቹ ይመርቃሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ነገሩ ግን ከሆድ አልወጣም። ይህ አባባል የሚያምረው ሰው ስለ ራሱ ሲናገረው ነው። ተበዳይዋ ራሷ «ቂም ይዞ ጸሎት አልሆንልሽ ብሎኛል፣ አውርጄዋለሁ» ካለች ቃሉ ቦታውን አገኘ።

ለዚህ ነው የእርቅ አባባል ሲቀርብ ከውበቱ በፊት ሥራውን ለማን እንደሚሰጥ ማየት የሚያስፈልገው። ብዙ ቤተሰብ የሚያውቀውን ዓይነት ጉዳይ እንውሰድ። እኅት ኩዌት ሄዳ ሰው ቤት እየሠራች ለ7 ዓመት ገንዘብ ትልካለች። ታላቅ ወንድሟ በዚያ ገንዘብ የእናታቸውን ግቢ አድሶ ከጓሮ ሦስት ሰርቪስ ቤት ይሠራል፤ አከራይቶም ኪራዩን ለብቻው ይበላል። እናት ሲያርፉ እኅት ለአርባቸው ትመጣለች፤ የቤቱ ካርታ በወንድሟ ስም ዞሮ ታገኘዋለች። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ዘመድ «ሁለቱ ሳይታረቁ እንዴት ድንኳን ይተከላል» ይልና ሦስት ሽማግሌዎችና አንዲት አክስት ተሰብስበው ያስቀምጧቸዋል። ችኮላው ከዚህ ይጀምራል፤ ለድግሱ የተቆረጠው ቀን ሳይታወቅ ለይቅርታውም ቀን ይሆናል።

ወንድምየው ቀድሞ አፉን ይከፍታል። «ጋሼ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ያለፈው አልፏል፣ አሁን እንታረቅ።» አባባሉ እውነት ነው፣ የሚናገረው ሰው ግን ውሃውን ያፈሰሰው ነው። እኅትየው ብትለው ምሕረት ይሆን ነበር፤ እሱ ሲለው ከሒሳብ መሸሻ ይሆናል። በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ ግን ሳይቆጡ እንዲህ ይሉታል፦ «ልጄ፣ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። መጀመሪያ እሷን እንስማ።»

ይህን አባባል ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። የተሠራው ከሁለት ግሦች ነው፦ መውጋትና መርሳት። እያንዳንዳቸው ሁለት ጊዜ ይመጣሉ፤ አንዴ በወጊው፣ አንዴ በተወጊው በኩል። የፊተኛው ክፍል ላላ ያለ ነው፤ «ቢረሳ» ይላል፣ ሊረሳም ላይረሳም ይችላል። የኋለኛው ግን «አይረሳም» ብሎ ይቆልፋል። በዳዩን ውሸታም አይለውም፤ መርሳቱን የሰው ጠባይ አድርጎ ይተውለታል። ተበዳዩንም «ይቅር አትበል» አይለውም፤ ስለ ይቅርታ ጭራሽ አልተነሣም። የተነገረው ስለ ማስታወስ ብቻ ነው። የተጎዳ ሰው በሸንጎ ፊት በቅድሚያ የሚያስፈልገው ደግሞ ይኸው ነው፤ ማስታወሱ ነውር ተደርጎ እንዳይቆጠርበት። ትእዛዝ የለበትም፣ ልመናም የለበትም፣ መንገዱን ግን ይከፍታል።

ገደብም አለው። ቦታው መክፈቻው ላይ ነው፣ ተበዳይ ሳይናገር በፊት። ሁሉም ተነግሮ፣ ካሳው ተቆርጦ፣ ጉልበት ተስሞ ካበቃ በኋላ የሚመዘዝ ከሆነ ቁስል መነካካት ነው። የአንዱ ወገን ዘመድ ካነሣውም ማባባስ ይሆናል። መናገር ያለበት የሁለቱም የሆነ ሰው ነው።

መንገዱ ሲከፈት የሚወጣው ነገር ብዙ ጊዜ ከተጠበቀው የተለየ ነው። እኅትየው ስለ ካርታው ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግራ ዝም ትላለች። ከዚያም፣ «ካርታውስ ወረቀት ነው። እማዬ ሆስፒታል ስትገባ ደውዬልህ ‹ደኅና ናት› አልከኝ። ትኬት እንዳልቆርጥ፣ ገንዘቡ እንዳይቋረጥ ብለህ ነው። ድምፅዋን ሳልሰማ ቀረሁ» ትላለች። ሽማግሌዎቹ የመጡት ኪራይ ሊያካፍሉ ነበር። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ተብሎ ቢዘጋ ኖሮ ዋናው በደል ሳይሰማ ኪራዩን ተካፍለው ይለያዩ ነበር።

አክስት ግን አላስቻላቸውም። «እንኳን ሰውና ሰው፣ እግርና እግርም ይጋጫል። በእናትሽ አጥንት፣ ይቅር በይው!» ይላሉ። የእግሩ አባባል ለተመጣጣኝ ግጭት የተሠራ ድንቅ ቃል ነው። ሁለት እግር እኩል ናቸው፣ አብረው ይሄዳሉ፣ ሲጋጩ ማን መታ ማን ተመታ አይባልም። በድግስ ላይ ቃላት ለተወራወሩ ሁለት ምራቶች ቢነገር ያስቃል፣ ያበርዳልም። እዚህ ግን አንዱ ወገን ብቻ የሠራውን የሁለቱም ያደርገዋል። ተበዳይ ይህን ስትሰማ የሚሰማት «አንቺም አለሽበት» መባል ነው። የአጥንቱ መሐላ ደግሞ የባሰ ነው፤ እምቢ ካለች ወንድሟን ሳይሆን እናቷን እምቢ ያለች ያስመስላታል። ሽማግሌው «እትዬ፣ አጥንቱን እንተወው» ብለው ወደ ወንድምየው ይዞራሉ። «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ ልጄ።»

የዚህ አባባል ጥበብ ስም አለመጥራቱ ነው። «አንተ ካለቀስክ» አይልም፣ «ካለቀሱ» ይላል፤ ማንም ይሁን ማን። ስለዚህ ሰውየው በሰው ፊት ሳይዋረድ ይመዘናል። መስፈርቱ ግን ጥብቅ ነው፤ እንባ ከጠፋ ልቡም አልነበረም ማለት ነው። ሥራው በሙሉ በበዳዩ ላይ ወደቀ፣ ተበዳይዋ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ ትችላለች። በዚህ ቤት እንባ ማለት ዓይን ማርጠብ ብቻ አይደለም። የኪራዩን ደብተር አምጥቶ መግለጥ፣ ካርታው የሚስተካከልበትን ቀን መናገር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሠራውን በስሙ መጥራት ነው። «አስቀይሜሽ ከሆነ ይቅርታ» የሚለው እንባ የገደደው ንግግር ነው፤ በደሉን በ«ከሆነ» አንጠልጥሎ ይተወዋል። «ካርታውን ሳልነግርሽ አዞርኩት። እማዬ ስትታመም ዋሸሁሽ» ሲል ግን እንባው ተገኘ ይባላል።

በአንዳንድ የገጠር አካባቢ በዳይ ይቅርታ ሲጠይቅ በትከሻው ወይም በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል። ሐሳቡ ከአባባሉ ጋር አንድ ነው፤ ሸክሙ በሠራው ላይ ይሁን። ነገር ግን ድንጋይ ተሸክሞ የቆመ ሰው ፊት ለፊት ሲታይ ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ተበዳዩ ያዞራል፤ ሸክሙም ሳይታወቅ ወዲያ ይሻገራል። ብልህ ሽማግሌ ስለዚህ ድንጋዩ ከመነሣቱ በፊት ተበዳዩን ለብቻው ገለል አድርጎ «ዝግጁ ነህ?» ብሎ ይጠይቃል።

ወንድምየው ተናዝዞ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ ሲል እኅትየው እጇን ትዘረጋና ታስቆመዋለች። «አሁን አልችልም» ትላለች። ክፉው ሰዓት ይህ ነው። ሽማግሌ ለምኖት እምቢ ያለ ሰው «ሽምግልና ረገጠ» ይባላል፤ ይህን ስም ፈርቶ ታርቄያለሁ ያለ ስንቱ ነው! አዛውንቱ ግን ቀድመው ያድኗታል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ዛሬ ብዙ ሰምተናል፣ ይዘነው እንደር። ቀጠሮ እንያዝ።»

እዚህ ላይ የአባባሉ ሠሪ ምን ያህል እንደተጠነቀቀ ይታያል። በአባባሉ ውስጥ በዳይም ተበዳይም የለም፤ ያሉት እውነትና ንጋት ብቻ ናቸው። ንጋትን ማንም አያጣድፈውም፣ ስለዘገየም ማንም አይወቀስም። «እያደር» የሚለው ቃል ቀን አልቆጠረም፤ አንድ ሌሊትም ዓመትም ሊሆን ይችላል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውም ስለ ትዕግሥት ነው፣ ነገር ግን መድረሻውን ከወዲሁ ወስኗል፤ እንቁላሉ መሄዱ አይቀርም። ለተበዳይ ሲነገር «ዛሬ ባይሆን ነገ ይቅር ትያለሽ» ማለት ነው። «እውነትና ንጋት» ግን እንደሚጠራ ቃል የሚገባው እውነቱን ነው። ይቅርታውን ለባለቤቷ ትቶታል። «አሁን አልችልም» የሚለው ቃል እምቢታ መሆኑ ቀረ፤ የሽምግልናው አንድ ደረጃ ሆነ።

ቀጠሮውም ባዶ እንዳይሆን ሥራ ይሰጠዋል። ወንድም በሁለት ሳምንት ውስጥ የኪራዩን ሒሳብ ለአንደኛው ሽማግሌ ያስረክብ። ለሙት ዓመቱ ሁለቱም በአንድ ድንኳን ይቁሙ፣ እንግዳ ያስተናግዱ፤ ማንም ግን ተሳሳሙ አይበላቸው፣ ለእንግዳም «ታርቀዋል» ተብሎ አይነገር።

«እርቅ ደም ያድርቅ» የሚባለው ያን ጊዜ ሳይሆን ከሁሉ በኋላ ነው። ሦስት ቃል ናት፣ አነጋገሯም የምርቃት ነው፤ «ያድርቅ» ምኞት እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ምርቃት ደግሞ የሚከተለው ያለቀን ነገር ነው። ካሳው ሳይከፈልና ተበዳይ ሳትናገር ከተባለች በእርጥብ ነገር ላይ የተደፋ ክዳን ትሆናለች። ሐሰተኛ እርቅ ደግሞ ምልክት አለው፤ ተበዳይ «ለእናንተ ስል» ይላል እንጂ በራሱ አይናገርም፣ ማዕዱን ቀምሶ ይነሣል፣ በሚቀጥለው ሠርግ አይገኝም።

እንግዲህ በዘመድ ሽምግልና ለመቀመጥ የምትጠሩ ሁሉ፣ «የወጋ ቢረሳ»ን ለመክፈቻ፣ «እርቅ ደም ያድርቅ»ን ለመዝጊያ አቆዩ። «ከልብ ካለቀሱ»ን ለበዳይ ብቻ ንገሩ። «ቂም ይዞ ጸሎት»ን ደግሞ ተበዳይ ራሱ ካላነሣው እናንተ አታንሡት።