ኤቲአር የማያየው ዝላይ

መስቀል ፍላወር አካባቢ ካፌ ቁጭ ብለው በስልካቸው የወርቅና የምንዛሬ ዋጋ የሚከታተሉ ወጣቶች አታጡም። በእንዲህ ዓይነት ጨዋታ መሃል ብዙ ጊዜ የሚሰነዘር ምክር አለ፦ «ስቶፕህን በኤቲአር አድርገውና ተረጋግተህ ተኛ።» የምክሩ የመጀመሪያ ግማሽ ጥሩ ምህንድስና ነው። ሁለተኛው ግማሽ ግን ስህተት ነው፤ ለምን እንደሆነ አብረን እንየው።

መጀመሪያ ጥሩውን። ስቶፕ ማለት ዋጋው በተቃራኒ አቅጣጫ ከሄደ «እዚህ ላይ ውጣ» ብላችሁ አስቀድማችሁ የምታስቀምጡት ትዕዛዝ ነው። በጣም ካቀረባችሁት የተለመደው የቀን መዋዠቅ ብቻ ያስወጣችኋል። ታዲያ የተለመደው ስንት ነው? በሙያው መካኒካል መሐንዲስ የነበረው አሜሪካዊው ዌልስ ዋይልደር እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ ለዚህ መለኪያ አቀረበ። የቀኑን ከፍተኛና ዝቅተኛ ዋጋ ልዩነት ብቻ አልወሰደም፤ ትናንት ከተዘጋበት ዋጋ ጋርም አነጻጸረው። ትናንት 100 ላይ የተዘጋ ዋጋ ዛሬ ከ105 እስከ 108 ቢንቀሳቀስ፣ እውነተኛው ስፋት 3 ሳይሆን 8 ነው። ይህን ቁጥር በየቀኑ ወስዶ እንዲህ ያለዝበዋል፦

```
ATR = (13 × ATR_ትናንት + TR_ዛሬ) / 14
```

አሁን 10,000 ብር አላችሁ እንበል፤ በአንድ ግብይት ከ100 ብር በላይ ማጣት አትፈልጉም። ስቶፑን የኤቲአር ሁለት እጥፍ ታርቁታላችሁ። ኤቲአሩ 2 ብር የሆነ ዕቃ ላይ ርቀቱ 4 ብር ስለሆነ 25 ትገዛላችሁ። 8 ብር የሆነው ላይ ርቀቱ 16 ስለሆነ 6 ብቻ። አንዱ ረጋ ያለ፣ አንዱ የሚዘል ቢሆንም ብትሸነፉ የምታጡት ያው 100 ብር ገደማ ነው። እስከዚህ ድረስ ያምራል።

ችግሩ ከቀመሩ ጀርባ ባሉ ሁለት ግምቶች ላይ ነው። አንደኛ፣ ነገ ያለፉትን ቀናት ይመስላል። ሁለተኛ፣ ዋጋው ስቶፓችሁን ሲነካ እዚያው ላይ የሚገዛችሁ ወይም የሚሸጥላችሁ ሰው አለ። የራሳችን ብር ሁለቱንም አፍርሷቸዋል።

እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ የባንኮች የምንዛሬ ተመን በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር ስለነበር በቀን የሚንቀሳቀሰው በሳንቲም ነበር። ብር በኤቲአርና በስቶፕ የሚነገድበት ገበያ የለም፤ ግን ለሙከራ ያህል አለ እንበል፣ ኤቲአሩንም 0.05 ብር እናድርገው። «ብር አይወድቅም» ብሎ ዶላር ተበድሮ የሸጠ ሰው ስቶፑን 0.10 ብር ያርቃል። 100 ብር ለ0.10 ሲካፈል 1,000 ዶላር ይመጣል። ልብ በሉ፤ 10,000 ብር ያለው ሰው 57 ሺህ ብር ገደማ የሚያወጣ ግብይት ውስጥ ገባ። ያስገባውም ራሱ የ«ጥንቃቄ» ቀመሩ ነው፤ ዋጋው ጸጥ ባለ ቁጥር ቀመሩ «ብዙ ያዝ» ይላል።

ዓርብ ዕለት ዶላር በ57.48 ብር ገደማ ነበር። ሰኞ ሐምሌ 22 ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መግዣ 74.73 ሆነ። የሰውዬው ስቶፕ 57.58 ላይ ነበር፤ ግን በዚያ ዋጋ ማንም አልነበረም። ለእያንዳንዱ ዶላር 17.25 ብር፣ በድምሩ 17,250 ብር ከሰረ። ያሰበው 100 ነበር! ገንዘቡ አልቆ ዕዳ ውስጥ ገባ። ኤቲአሩስ? በቀመሩ ብታሰሉት በዚያ ቀን ወደ 1.28 ይደርሳል። ማስጠንቀቂያው የመጣው ከጉዳቱ በኋላ ነው፤ ያውም ለዝቦ።

ይህ የሐሳብ ሙከራ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2015 የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ይከላከልበት የነበረውን ወለል በድንገት ተወ። ዩሮ በደቂቃዎች ውስጥ ከ1 ፍራንክ በታች ወረደ። እዚያ ስቶፕ ያስቀመጡ እውነተኛ ሰዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ትዕዛዛቸው የተፈጸመው ካሰቡት በእጅጉ በራቀ ዋጋ ነው።

እና ኤቲአርን እንጣለው? አይ። ለተለመደው ቀን ይሁን፤ ለዝላዩ ግን ሌላ ጣሪያ ጨምሩበት። «ዋጋው ሌሊቱን 30 በመቶ ቢዘልብኝ ቢበዛ ስንት ልጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሳችሁ 1,000 ብር ከሆነ፣ በእኛ ምሳሌ መያዝ የምትችሉት 58 ዶላር ብቻ ነው። ከዚያ ኤቲአር ከሰጣችሁ 1,000ና ከዝላዩ ጣሪያ 58 ትንሹን ውሰዱ። የኤቲአሩ መጠን ከጣሪያው ብዙ እጥፍ ሲበልጥ፣ ያ ራሱ ምልክት ነው። ያኔ የሚጠየቀው ጥያቄ ይሄ ነው፦ ይህ ዋጋ የተረጋጋው በራሱ ነው ወይስ የያዘው አካል አለ? የያዘው ካለ፣ ኤቲአር የሚለካው የያዡን እጅ ጥንካሬ እንጂ የእናንተን አደጋ አይደለም።