ወረቀቱ እውነተኛ ነው፤ ውሉስ?

ከአርባ ምንጭ ሙዝ የሚጭን መኪና ስንከራይ ባለንብረቱ የሚያቀርባቸው ወረቀቶች የታወቁ ናቸው፦ ሊብሬ፣ ቦሎ፣ የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ እና የመድን ሰርተፊኬት። ሊብሬውን ከሻንሲው ቁጥር ጋር አስተያይቼ መናገር እችላለሁ። ቦሎውም መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። መድኑ ግን ከፊቴ የለም። እጄ ላይ ያለው ኩባንያው ውሉን በሸጠ ዕለት ያተመው ወረቀት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ወረቀቱ አያውቅም። የሚያውቀው የኩባንያው መዝገብ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለጭነት ባለቤቶች መኪና ስፈልግ ማኅተም በመመርመር ብዙ ጊዜ አላጠፋም። ሐሰተኛ ማኅተም ማስቀረጽ አይከብድም፤ እውነተኛ ማኅተም ያለበት ወረቀትም የሞተ ውል ሊሆን ይችላል። ይበልጥ የሚያሳስበኝም ይኸኛው ነው።

እንዴት እንደሚሆን በአንድ ምሳሌ ልናገር። አንድ ሰው ለአይሱዙው የአንድ ዓመት ሙሉ ሽፋን ይገዛል፣ አረቦኑን ይከፍላል፣ ሰርተፊኬት ይወስዳል። በአራተኛው ወር ገንዘብ ያጥረውና ውሉን ያሰርዛል፤ ኩባንያው ያልተጠቀመበትን ወራት አስልቶ የተወሰነውን ይመልስለታል፣ ዋናውን ሰርተፊኬትም ይቀበለዋል። ፎቶ ኮፒው ግን በዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። በሰባተኛው ወር ጭነት ሲፈልግ ያንኑ ኮፒ ያወጣል። የውል ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ታርጋው ትክክል ነው፣ የማብቂያ ቀኑም ገና አልደረሰም። በወረቀቱ ላይ አንድም የተጭበረበረ ፊደል የለም። ሽፋን ግን የለም። ያልተከፈለ አረቦንም እዚሁ ያደርሳል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አረቦኑ ያልተከፈለበት ውል ከአንድ ወር ማሳሰቢያ በኋላ እንዲታገድ ያደርጋል፤ ሲታገድ ደግሞ ሰርተፊኬቱን ከሰውየው ኪስ የሚያወጣለት የለም።

እንግዲህ ኩባንያውን መጠየቅ ነው። እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚበላሸው ስልክ ቁጥሩ ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ደውሎ ማረጋገጥ ወረቀቱን ራሱን ከመጠየቅ አይለይም፤ ሐሰተኛ ሰርተፊኬት የሠራ ሰው ሐሰተኛ ስልክ ለመጻፍ አይቸግረውም። እኔ የኩባንያውን ስም ብቻ ከወረቀቱ እወስድና ፈቃድ ያላቸውን መድን ሰጪዎች ከብሔራዊ ባንክ ዝርዝር አያለሁ፤ ከዚያ ቁጥሩን ራሴ እፈልጋለሁ። ኩባንያው አርባ ምንጭ ቅርንጫፍ ካለው በአካል እሄዳለሁ፤ ውሉ ሌላ ከተማ የተሸጠ ቢሆንም ቅርንጫፉ በሲስተም ሊያየው ይችላል። ካልቻለ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ደውሎ የሞተር መድን ክፍልን ማግኘት ነው። ባለመኪናው «ቅርንጫፉ ውስጥ የማውቀው ልጅ አለ፣ ቴሌግራም ይልክልሃል» ካለኝ አመሰግነዋለሁ፤ አልጠቀምበትም።

ቀጥሎ የአጠያየቁ ነገር አለ። «ይህ ውል እስከ ሰኔ ድረስ የጸና ነው አይደል?» ብሎ የጠየቀ ሰው «አዎ» የሚል መልስ ያገኛል፤ ሠራተኛው ሥራ በዝቶበት ግማሹን ብቻ አይቶ ሊሆን ይችላል። የውል ቁጥሩን ብቻ ሰጥቼ የቀረውን እሱ እንዲያነብልኝ እጠይቃለሁ። በዚህ ቁጥር የተመዘገበው ታርጋና ሻንሲ የትኛው ነው? የመድን ገቢው ስም ማን ነው? ዛሬ ያለበት ሁኔታ ምንድን ነው፣ የጸና፣ የታገደ ወይስ የተሰረዘ? ከወጣ በኋላ የተደረገ ማሻሻያ አለ? አንዳንድ ጊዜ ውሉ ሕያው ሆኖ ወደ ሌላ መኪና ተዛውሯል፤ ይህ የሚታየው በማሻሻያው ላይ ብቻ ነው። መልሱን እየሰማሁ ከሊብሬው ጋር አመሳክራለሁ። ሠራተኛው «የደንበኛ መረጃ ነው» ብሎ ቢከለክለኝ ትክክል ነው፤ ባለመኪናውን የፈቃድ ደብዳቤ አጽፎ አብሮኝ እንዲመጣ እጠይቀዋለሁ። ይህን የማይፈልግ ባለመኪና ሲያጋጥመኝ ሌላ መኪና እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱን አልመረምርም።

«ጋሼ፣ ማኅተም አለው እኮ! ምን ትጠራጠራለህ?» የሚለኝ አለ። አልጠራጠርህም፣ ኩባንያውን ነው የምጠይቀው እለዋለሁ። አብዛኛው ሰው ሲገባው አይቀየምም።

ጭነቱ ትልቅ ከሆነ ወይም ውሉ ለወራት ከሆነ ስልክ አይበቃም፤ በደብዳቤ ነው። የመሥሪያ ቤታችን ርዕስ ባለው ወረቀት ላይ ቁጥርና ቀን ያለው ደብዳቤ ጽፌ ሰርተፊኬቱን አያይዤ ራሴ አስገባለሁ፣ መልሱንም ራሴ እቀበላለሁ። «ስጠኝ፣ እኔ አደርስልሃለሁ» የሚል ባለጉዳይ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በግንባታ ጨረታ የሚቀርብ የመድን ዋስትና በሐሰት ሲሠራ የማረጋገጫው ደብዳቤም አብሮ የሚሠራው በዚሁ በእጅ ወስዶ በእጅ በመመለስ መንገድ ነው። የመጣው መልስ የእኔን ደብዳቤ ቁጥር ካልጠቀሰ ደውዬ እጠይቃለሁ።

ቀኑ ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። መድን ኩባንያዎች ውሉን ብዙ ጊዜ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይጽፋሉ። «03/05/2026» የሚለው ሜይ 3 ይሁን ማርች 5 ወረቀቱ ላይ አይታወቅም፤ ልዩነቱ ሁለት ወር ገደማ ነው። በእጅ የተጻፈ «11/04/18» ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 11 ቀን 2018 ነው፤ በእነሱ ካነበብነው ግን ከዓመታት በፊት ያለቀ ውል ነው። ስለዚህ ሠራተኛውን ወሩን በስሙ እንዲነግረኝ እጠይቃለሁ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ውሉ እኩለ ሌሊት ላይ ሲያበቃ በእኛ ሌሊት 6 ሰዓት ነው፤ የሙዝ መኪና ደግሞ አመሻሽ ላይ ከአርባ ምንጭ ሲቀላ ወጥቶ ሌሊቱን ተጉዞ አዲስ አበባ የአትክልት ገበያ የሚደርሰው ወገግ ሲል ነው። በማብቂያው ቀን የተጫነ ሙዝ ግማሽ መንገዱን ያለ ሽፋን ይሄዳል።

የሽፋኑ ዓይነትም መጠየቅ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንም ባለመኪና የሦስተኛ ወገን መድን የመግባት ግዴታ አለበት፤ ያ ግን ለተጎጂ ሰውና ለሌላ ንብረት እንጂ መኪናው ላይ ላለው ጭነት አይደለም። ሙሉ ሽፋን የሚባለውም መኪናውን ነው የሚመለከተው። ሙዙን የሚሸፍን ለብቻው የተገዛ የጭነት መድን ካልሆነ ሰርተፊኬቱ የቱንም ያህል እውነተኛ ቢሆን ለባለ ሙዙ አይሠራም። የጭነት መድን ቢኖርም በመዘግየት የበሰበሰን ፍሬ የሚሸፍን መሆኑን ነጥሎ መጠየቅ ይገባል፤ ብዙውን ጊዜ መልሱ አይሸፍንም ነው።

ማረጋገጫው የሚሠራው ለተጠየቀበት ሰዓት ነው። ዛሬ የጸና ውል ነገ ሊሰረዝ ይችላል። ባንኮች ይህን የሚከላከሉት መኪናውን መያዣ ሲያደርጉ ጥቅማቸውን በውሉ ላይ በማስመዝገብ ነው። እኛም ለረጅም ኪራይ ባለመኪናው ስማችንን በማሻሻያ እንዲያስመዘግብና ሲሰረዝ እንዲነገረን እንጠይቃለን። ለአንድ ምልልስ ይህን ማድረግ ከጭነቱ ዋጋ ጋር አይመጣጠንም፤ ስለዚህ በምንጭንበት ቀን ጠዋት አንድ ጊዜ እንደገና እደውላለሁ። ጭነት የሚበዛው አመሻሽ ላይና በሳምንቱ መጨረሻ ነው፤ የመድን ቢሮ ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዘጋል። እሁድ ለሚጫን ሙዝ መደወያው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ያላረጋገጥኩትን መኪና እሁድ አላስጭንበትም።