ወደ ኋላ የማይመለስ ሰዓት

ወልቂጤና ቡታጅራ ላይ መደብር ያለው አንድ የጅምላ ነጋዴ እናስብ። እያንዳንዱ መደብር የራሱ ሰርቨር አለው፤ አንዱ ጋ የተመዘገበ ዋጋ ወዲያው ለሌላው ይላካል። ለአንድ ዕቃ ሁለት ዋጋ ሲገኝ የኋለኛ ሰዓት የታተመበት ይጸናል። ካሳንድራን የመሰሉ የታወቁ ዳታቤዞችም የሚዳኙት በዚሁ ደንብ ነው።

የወልቂጤው ሰርቨር 40 ሰከንድ ይቀድማል እንበል። በተራ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ኳርትዝ ከሚሊዮን 20 ቢስት በቀን 1.7 ሰከንድ ያህል ይዛነፋል፤ በሦስት ሳምንት ተኩል 40 ሰከንድ ይሞላል። ሰዓትን በኢንተርኔት የሚያስተካክለው NTP የሚያልፈው በ UDP 123 ነው። ፋየርዎሉ ይህን በር ከዘጋው ሌላው ሥራ ሁሉ እየሄደ ሰዓቱ ብቻውን ይሸሻል፤ ማንም አያስተውልም። እኛ 3 ሰዓት የምንለውን ማሽኑ 9 ማለቱ ግን አይጎዳም፤ የታወቀ ልዩነት ተቀንሶ ያልቃል።

ከጠዋቱ 3:00:10 ላይ ወልቂጤ ያለችው ሠራተኛ የአንድ ጆንያ ዋጋ 1,200 ብር ብላ ትመዘግባለች። ሰርቨሯ 3:00:50 ብሎ ያትምበታል። ዋጋው በ3:00:12 ቡታጅራ ይደርሳል። እዚያ ያለው ሠራተኛ አይቶት፣ ስህተት መሆኑን አውቆ፣ በ3:00:30 ወደ 1,250 ያርመዋል። የእሱ ሰርቨር ሰዓቱ ትክክል ነውና 3:00:30 ብሎ ያትማል። 50 ከ30 ስለሚበልጥ እርማቱ ይጣላል። ቀይ ጽሑፍ አይወጣም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ሠራተኛው የሚያየው ያረመው ዋጋ ተመልሶ 1,200 መሆኑን ብቻ ነው። መዝገቡን የሚመረምር ባለሙያ ግን እርማቱ ከታረመው ዋጋ ቀድሞ ተጽፎ ሲያይ ነገሩ ይገባዋል።

ሌስሊ ላምፖርት በ1978 እ.ኤ.አ. ያቀረበው መፍትሔ ሰዓትን ጨርሶ ይተዋል። እያንዳንዱ ማሽን ቁጥር ይይዛል፤ አንድ ነገር በሠራ ቁጥር አንድ ይጨምራል፤ መልእክት ሲደርሰው ከራሱና ከመጣው ትልቁን ወስዶ አንድ ይጨምርበታል። የወልቂጤው ምዝገባ 41 ከሆነ የቡታጅራው እርማት ከ41 በላይ መሆኑ የግድ ነው። ቅደም ተከተሉ ዳነ፤ ነገር ግን «ትናንት 11 ሰዓት ላይ ዋጋው ስንት ነበር?» ለሚል ነጋዴ 41 ምንም አይነግረውም።

በ2014 እ.ኤ.አ. ሳንዲፕ ኩልካርኒ፣ ሙራት ደሚርባስና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ሃይብሪድ ሎጂካል ሰዓት ሁለቱን አገናኘ። ማኅተሙ ሁለት ክፍል አለው፦ `l` እስካሁን የታየው ትልቁ ሰዓት ነው፤ `c` ደግሞ ትንሽ ቆጣሪ። `pt` የማሽኑ የራሱ ሰዓት ነው። መልእክት ሲደርስ የሚሆነው ይኸው ነው፦

```
l = max(l_old, l_msg, pt)
if l == l_old == l_msg: c = max(c_old, c_msg) + 1
elif l == l_old: c = c_old + 1
elif l == l_msg: c = c_msg + 1
else: c = 0
```

የእኛን ጆንያ በዚህ እናሳልፈው። ወልቂጤ (3:00:50, 0) ብላ ላከች። ቡታጅራ ሲቀበል የራሱ ሰዓት 3:00:12 ቢልም የመጣው ይበልጣልና (3:00:50, 1) ይይዛል። እርማቱ (3:00:50, 2) ይሆናል፤ ስለዚህ 1,250 ይጸናል። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። የቡታጅራው ሰዓት 3:00:51 ሲደርስ፣ ሌላ የቀደመ ማኅተም እስካልመጣ ድረስ፣ ቀጣዩ ምዝገባ (3:00:51, 0) ይሆናል። ቆጣሪው ሥራውን ጨርሶ ዜሮ ይገባል፤ ማኅተሙም እንደገና ተራ ሰዓት ነው። የላምፖርት ቁጥር ሲያድግ ይኖራል፤ ይህኛው የሚያድገው ሲያስፈልግ ብቻ ነው።

አገጣጠሙም የእጅ ጥበብ ነው። የ NTP ማኅተም 64 ቢት ነው። ሠሪዎቹ 48ቱን ለ`l` ሰጥተው የመጨረሻዎቹን 16 ለ`c` አዋሉ። `l` በዚህ የሚያጣው ከ15 ማይክሮሰከንድ ገደማ በታች ያለውን ክፍልፋይ ብቻ ነው። ሁለቱ ተያይዘው እንደ አንድ ቁጥር ሲነጻጸሩ ትክክለኛው ቅደም ተከተል ስለሚወጣ፣ 64 ቢት ሰዓት ማስቀመጥ የሚያውቅ የቆየ ፕሮግራም ሳይነካ ይቀበለዋል።

ገደቡም ግልጽ ነው። `l` ሁልጊዜ ትልቁን ስለሚከተል አንድ ማሽን በስህተት የከርሞ ዓመት ቢል ሌሎቹን ሁሉ ይጎትታቸዋል። ስለዚህ በዚህ ሰዓት የሚሠራው ዳታቤዝ ኮክሮችዲቢ በመደበኛ ቅንብሩ ለሰዓቶች ልዩነት የ500 ሚሊሰከንድ ጣሪያ ያደርጋል፤ ሰዓቱ ከብዙዎቹ የጣሪያውን 80 በመቶ ያህል የራቀ ሰርቨር ራሱን ያጠፋል። የእኛ 40 ሰከንድ እዚያ ቦታ የለውም።

ሌላው ገደብ ስልክ ነው። ወልቂጤ ያለችው ሠራተኛ ዋጋውን መዝግባ፣ መልእክቱ ሳይደርስ ቡታጅራ ደውላ «አስተካክልልኝ» ብትል፣ በስልኩ ውስጥ ማኅተም አላለፈም። የቡታጅራው ሰርቨር ስለ 3:00:50 ምንም አልሰማምና እርማቱን በራሱ ሰዓት ያትማል፤ እርማቱም እንደ በፊቱ ይጣላል። እዚህ የሚያድነው የሰዓቶቹን ልዩነት ሰው ደውሎ ከሚነጋገርበት ጊዜ በታች ማድረግ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሃይብሪድ ሰዓት ያለበትም ቤት UDP 123ን መክፈት አለበት።