ስሙን ሸፍኖ ማዳመጥ

ሐይቅም ሆነ ውጫሌ፣ መምህር ሲሞት ቅሬው ድንኳን ይጥላል፣ ሰው ይሰበሰባል። ሙሾ በሚወጣበት ቤት የማስለቀሱን ሥራ አልቃሿ ትሠራዋለች። የት ተወለደ፣ መቼ ተቀጠረ፣ ስንት ልጅ አፈራ የሚለውን ደግሞ በቀብሩ ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ይጨርሰዋል። እንግዲህ በአርባው ወይም በሙት ዓመቱ ስለ መምህሩ ለመናገር የሚነሳ ሰው ሁለቱም ሥራ ተሠርቶ ነው የሚጠብቀው። የቀረለት አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው ሲያስተምር ምን ያደርግ እንደነበር ማሳየት። የንግግሩን ደግነት የምመዝነው በዚህ ነው። ዓመተ ምሕረት እየቆጠረ የሚዘልቅ ንግግር የተነበበውን መድገም ነው፤ ድምፁን እያንቀጠቀጠ የሚያስለቅስም የአልቃሿን ቦታ መሻማት ነው፣ ያውም ያለ ዜማ።

መመዘኛው ቀላል ነው፤ የሟቹን ስም ሸፍኖ ማዳመጥ። «እንደ ሻማ ቀልጠው ለትውልድ ያበሩ ታላቅ አባት» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ከሐይቅ አንስተው ደሴ ቢወስዱት ለማንኛውም መምህር ይሆናል፤ መሐንዲስ ቢሞትም በትንሽ ማስተካከያ ያገለግላል። አሁን ደግሞ ተናጋሪው እንዲህ አለ እንበል፤ «የተሳሳተ መልስ ስንሰጥ አይሰርዙትም። ከሥሩ በእርሳስ አስምረው ‹እዚህ ጋ ምን አሰብህ?› ይሉና ደብተሩን ይመልሱልናል።» ታላቅ የሚል ቃል የለበትም። ግን ከድንኳኑ ውስጥ ያ ደብተር የተመለሰለት ሰው ካለ አንገቱን ቀና ያደርጋል። ዐዋቂ አድማጭ ተናጋሪውን ትቶ የሚያየው ይህንን ነው፤ የቀድሞ ተማሪዎች ፊት ላይ ትዝ የማለት ምልክት መጣ ወይስ ሁሉም በጨዋነት አቀርቅሯል?

አገሩ ራሱ ማስረጃ አለው። የሐይቅ እስጢፋኖሱ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩ ናቸው፤ ካረፉ ከብዙ ዘመን በኋላ የተጻፈ ገድልም አላቸው። ገድል በባሕርዩ ተአምር ያበዛል፤ ዓላማውም ሌላ ስለሆነ አይወቀስም። መምህርነታቸውን ለሚፈልግ ሰው ግን የበለጠ የሚናገሩት ሁለት ዝም ያሉ ነገሮች ናቸው። አንዱ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ የራሳቸው ሥዕል አለ። ሁለተኛው የተማሪዎቻቸው ስም ነው፤ ከእሳቸው ዘንድ ወጥተው ደብረ ሊባኖስን የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት፣ በጣና ዳጋ እስጢፋኖስን ያቀኑት አባ ሂሩተ አምላክ። የሰጡት መጽሐፍና ያወጧቸው ተማሪዎች ሲጠሩ ሌላ ማሞገሻ ቃል አያስፈልግም። የዛሬው ተናጋሪም ስለ ሁለተኛ ደረጃ መምህር ሲናገር «ብዙ ምሁራን አፍርተዋል» ከማለት አንዷን ነርስ ጠቅሶ መድኃኒት መለካትን ከየትኛው የክፍልፋይ ትምህርት እንዳገኘች ቢናገር ይሻላል።

እንዲህ ያለው ንግግር ይቀዘቅዛል፣ ቤተሰቡም ቅር ይለዋል የሚል ተቃውሞ አለ። ቅሬታው እውነት ነው፤ ሰው ዘመዱ ሲሞገስ መስማት ይፈልጋል። ነገር ግን ሙቀቱ ከቅጽል አይመጣም። ሟች ለልጃቸው ያልነገሩትን፣ ተማሪ ብቻ የሚያውቀውን ነገር ለልጅየው መስጠት ከማንኛውም ሙገሳ ይሞቃል። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የመምህሩ ቁጣ ጉዳይ ነው። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» የሚል ሕዝብ ፊት ኀይለኛ የነበሩ መምህርን እንዴት አድርጎ መናገር ይቻላል? ፈጽሞ መሸፈን አያዋጣም፤ የተቀጡት ተማሪዎች እዚያው ተቀምጠዋልና ንግግሩን በሙሉ ይጠራጠሩታል። ቁጣቸውን ከተቆጡበት ነገር ጋር አያይዞ መናገር ግን ይቻላል፤ አርፍዶ የመጣን በር ላይ ያቆማሉ፣ ያልገባውን ግን አይቆጡም ቢባል ወቀሳም ሽፍንፍንም አይደለም። ቅጣቱ ጉዳት ያደረሰበት ሰው ካለ፣ ያኔ ያንን ነገር በቀልድ ከማለፍ ዝምታ ይሻላል።

ልከኝነት በንግግሩ መዝጊያም ላይ ይለያል። በአምባሰልና በሐይቅ ድንኳን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ ጥሩ ተናጋሪ ምርቃቱን በሟቹ እምነት ያደርገዋል፤ ክርስቲያን ከሆኑ ነፍስ ይማር፣ ሙስሊም ከሆኑ አላህ ይዘንላቸው። ረጅሙን ጸሎትና ዱዓ ለቄሱና ለሼሁ ይተዋል። አምስት ስድስት ደቂቃ ከበቃው በኋላ «በመጨረሻም» ብሎ ሦስት ጊዜ የሚጀምር ሰው ስለ መምህሩ መናገሩን አቁሞ ስለ ራሱ ንግግር መጨነቅ መጀመሩ ነው፤ ንፍሮ የያዙት ልጆችም ይህን ቀድመው ያውቁታል።